የፍጹም ዋጋ ያለእኩልነትን መፍታት፦ ከርቀት ወደ ቁጥር መስመር፣ ከቁጥር መስመር ወደ ኢንተርቫል

ከአንድ ከተማ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገድ ያስቡ። በየኪሎ ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ቆሟል። 50ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ነዳጅ ማደያ አለ። አንድ ሾፌር ለመካኒክ ደውሎ «መኪናዬ ቆሞብኛል፤ ከማደያው 8 ኪሎ ሜትር አልሞላም» ይላል፤ ወዲያው የስልኩ ባትሪ ያልቃል። ማደያው ጋ ሳይደርስ ይሁን ካለፈው በኋላ አልተናገረም። መካኒኩ የት ይፈልገው?

መካኒኩ ሒሳብ የተማረ መሆን አያስፈልገውም። ከ50 ወደ ኋላ 8 ይቆጥራል፣ 42 ይደርሳል፤ ወደ ፊት 8 ይቆጥራል፣ 58 ይደርሳል። መኪናው በእነዚህ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ነው። ይህ ሰው ሳያውቀው የፈታው ጥያቄ በሒሳብ ቋንቋ እንዲህ ይጻፋል፦

```
|x − 50| < 8
```

እዚህ ላይ `x` መኪናው የቆመበት ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ተማሪ ፍጹም ዋጋን «ኔጋቲቩን ወደ ፖዘቲቭ የሚለውጥ ነገር» ብሎ ይይዘዋል። ትርጓሜው ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ያለእኩልነት ሲመጣ እጅ ያስራል። «የሚለውጠው» የትኛውን ነው? `x` እኮ ገና አልታወቀም። ርቀት ነው ብሎ የያዘ ሰው ግን አይቸገርም፦ `|x|` ማለት `x` ከዜሮ ያለው ርቀት ነው፤ `|x − 50|` ማለት `x` ከ50 ያለው ርቀት ነው። ርቀት ወደ ግራም ቢለካ ወደ ቀኝም ቢለካ ያው ርቀት ነው፤ ከዜሮም አያንስም።

አንድ ቦታ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። `|x + 3|` ከ3 ያለውን ርቀት አይናገርም። `x + 3` ማለት `x − (−3)` ስለሆነ የሚለካው ከ`−3` ነው። ይህን የረሳ ሰው ሥዕሉን በሙሉ ወደ ተሳሳተው የዜሮ ጎን ያዞረዋል።

## ሁለቱ ዓይነቶች

ያለእኩልነቱ ምንም ያህል የተወሳሰበ ቢመስል፣ መጨረሻ ላይ ከሁለት ቅርጾች ወደ አንዱ ይወርዳል። የመጀመሪያው የመካኒኩ ነው፤ «ርቀቱ ከዚህ ያንሳል» የሚል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ «ርቀቱ ከዚህ ይበልጣል» የሚል።

ርቀቱ ከ8 ካነሰ ቦታው አንድ ወጥ ክልል ነው፤ ከ42 ጀምሮ እስከ 58 ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ መስመር እንጽፈዋለን፦

```
−8 < x − 50 < 8
42 < x < 58
```

ሾፌሩ «ከማደያው ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ እርቃለሁ» ብሎ ቢሆንስ? ያኔ መኪናው ወይ ከ42 በፊት ነው፣ ወይ ከ58 በኋላ ነው። ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ መካከላቸው ክፍተት አለ። አንድ መኪና ደግሞ በሁለቱም ቦታ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ «ወይም» በሚለው ቃል የተያያዙ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ያስፈልጋሉ፦

```
x − 50 < −8   ወይም   x − 50 > 8
x < 42        ወይም   x > 58
```

እዚህ ላይ ዓመት እየመጣ ዓመት ሲሄድ የማየው ስህተት `−8 > x − 50 > 8` የሚለው አጻጻፍ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ቅርጽ ወስዶ ምልክቶቹን ብቻ ገልብጧቸዋል። የጻፈውን ጮክ ብሎ ቢያነበው ግን ራሱ ይስቃል፦ «−8 ከ8 ይበልጣል» ብሏል። በሦስት ክፍል የተጻፈ ያለእኩልነት ሁልጊዜ «እና» ማለት ነው፤ ዳርና ዳሩን ብቻ ሲያነቡት እውነት ካልሆነ አጻጻፉ ስህተት አለበት።

## ከሥዕሉ ወደ ቅንፉ

መልሱን በቁጥር መስመር ላይ ለማሳየት አስቀድሞ ወሰኖቹን ማስቀመጥ፣ ከዚያም ትክክለኛውን ክፍል ማድመቅ ነው። ሾፌሩ «8 አልሞላም» ስላለ 42 እና 58 ራሳቸው በመልሱ ውስጥ የሉም፤ በእነሱ ላይ ባዶ ክብ ይሣላል። «ከ8 አይበልጥም» ብሎ ቢሆን 8 ራሱ ይፈቀድ ነበር፤ ምልክቱ `≤` ይሆናል፣ ክቡም ይሞላል።

```
|x − 50| < 8
-----o===========+===========o-----
     42          50          58

|x − 50| ≥ 8
=====●-----------+-----------●=====
     42          50          58
```

ኢንተርቫል ይህንኑ ሥዕል በቅንፍ የሚጽፍ አጭር ዘዴ ነው። ባዶው ክብ ክብ ቅንፍ ይሆናል፤ የተሞላው ክብ ማዕዘናዊ ቅንፍ ይሆናል። የላይኛው ሥዕል `(42, 58)` ተብሎ ይጻፋል። የታችኛው ሁለት ቁራጭ ስላለው በመካከሉ የዩኒየን ምልክት ይገባል፦ `(−∞, 42] ∪ [58, ∞)`።

ከኢንፊኒቲ ጎን ሁልጊዜ ክብ ቅንፍ ነው የሚቆመው። ኢንፊኒቲ መስመሩ ማለቂያ እንደሌለው ይነግረናል እንጂ የሚደረስበት ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ «እሱንም ጨምሮ» ማለት ትርጉም የለውም። በተጨማሪም ትንሹ ቁጥር ሁልጊዜ በግራ ይጻፋል። `(58, 42)` ብሎ የጻፈ ሰው ከ58 የሚበልጥና ከ42 የሚያንስ ቁጥር እየፈለገ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ደግሞ የለም።

ልጆቻቸው በፈረንሳይ የሚማሩ ወላጆች በልጃቸው ደብተር ላይ `]42 ; 58[` የሚል አጻጻፍ ቢያዩ አይደንግጡ። ያው `(42, 58)` ነው። እዚያ ወሰኑ የማይካተት ሲሆን ማዕዘናዊው ቅንፍ ጀርባውን ለቁጥሩ ይሰጣል። በመካከሉ ነጠላ ሰረዝ የሌለውም አስርዮሽ ቁጥርን `2,5` ብለው ስለሚጽፉ፣ ሁለቱ ሰረዞች እንዳይምታቱ ነው።

የመንገዱን ምሳሌ ከመተዋችን በፊት አንድ ነገር ልጨምር። በሒሳቡ `|x − 50| ≥ 8` እስከ ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ይሄዳል፤ መንገዱ ግን የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ስለዚህ ለመካኒኩ የግራው ቁራጭ `(−∞, 42]` ሳይሆን `[0, 42]` ነው። ጥያቄው ከኑሮ የተቀዳ ሲሆን ያለእኩልነቱ ራሱ የማይናገረው እንዲህ ያለ ወሰን ሊኖር ስለሚችል፣ መልሱን ከጻፉ በኋላ ወደ ጥያቄው ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

## አንድ ጥያቄ ከነሙሉ ሥራው

አሁን ፈተና ላይ የሚመጣውን ዓይነት እንውሰድ።

```
11 − 3|2x − 5| ≤ −10
```

መጀመሪያ የሚደረገው ፍጹም ዋጋውን ብቻውን ማስቀረት ነው። ይህ ሳይሆን በ`−10` እና በ`10` መካከል አድርጎ መጻፍ ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም ርቀቱ ገና ከ`11` እና ከ`−3` ጋር ተጣብቋል። ከሁለቱም ወገን 11 እንቀንሳለን፦

```
−3|2x − 5| ≤ −21
```

ቀጥሎ ለ`−3` እናካፍላለን። በኔጋቲቭ ቁጥር ስናካፍል ምልክቱ ይገለበጣል፦

```
|2x − 5| ≥ 7
```

ጥያቄው የተሠራው ይህችን መስመር ለመፈተን ነው። በመጀመሪያ ያየነው ምልክት «ያንሳል» የሚል ነበር፤ አሁን ግን «ይበልጣል» ሆኗል። ዓይነቱን ከጥያቄው የመጀመሪያ መስመር ላይ የወሰነ ተማሪ አንድ ወጥ ክልል ይጽፋል፤ ትክክለኛው መልስ ግን ሁለት ቁራጭ ነው። ስለዚህ የትኛው ቅርጽ እንደሆነ የሚወሰነው ፍጹም ዋጋው ብቻውን ከቆመ በኋላ ብቻ ነው።

`−3`ን ወደ ውስጥ አስገብቶ `|−6x + 15|` ማድረግ የሚያምራቸው አሉ። አይቻልም። ፍጹም ዋጋ ተራ ቅንፍ አይደለም፤ ወደ ውስጥ የገባው ኔጋቲቭ ምልክት እዚያው ይጠፋል። `−3|2x − 5|` ከዜሮ አይበልጥም፤ `|−6x + 15|` ደግሞ ከዜሮ አያንስም።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ቅርጹ «ይበልጣል» ስለሆነ በ«ወይም» እንከፍለዋለን፦

```
2x − 5 ≤ −7   ወይም   2x − 5 ≥ 7
2x ≤ −2       ወይም   2x ≥ 12
x ≤ −1        ወይም   x ≥ 6
```

እኩል የሚል ምልክት ስላለ ክቦቹ የተሞሉ ናቸው፦

```
=====●-----------------------●=====
    −1          2.5          6
```

መልሱ `(−∞, −1] ∪ [6, ∞)` ነው።

በመካከል 2.5 ለምን ጻፍኩ? በርቀት ዓይን ስናየው `2x − 5` ማለት `2(x − 2.5)` ነው። ስለዚህ `|2x − 5| ≥ 7` ማለት የ`x` ርቀት ከ2.5 ሁለት ጊዜ ተባዝቶ ቢያንስ 7 ነው ማለት ነው፤ ርቀቱ ራሱ ቢያንስ 3.5 ነው። ከ2.5 ወደ ግራ 3.5 ሲሄዱ `−1`፣ ወደ ቀኝ 3.5 ሲሄዱ `6`። ያንኑ መልስ በሌላ መንገድ አገኘነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ በአልጀብራ ሠርቼ በዚህ አረጋግጣለሁ፦ የሁለቱ ወሰኖች አማካይ፣ በፍጹም ዋጋው ውስጥ ያለውን ዜሮ የሚያደርገው ቁጥር መሆን አለበት። `(−1 + 6) ÷ 2 = 2.5`፤ `2 × 2.5 − 5 = 0`። ይህ ካልገጠመ አንዱ ወሰን ላይ የሂሳብ ስህተት አለ።

አማካዩ ግን ምልክቱን መገልበጥ መርሳትን አያጋልጥም፤ ወሰኖቹ በሁለቱም መንገድ ያው ናቸውና። እሱን የሚያጋልጠው ቁጥር መተካት ነው። ዜሮ ብዙ ጊዜ ቀላሉ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመልሰው፦

```
11 − 3|2·0 − 5| = 11 − 15 = −4
```

`−4 ≤ −10` እውነት ነው? አይደለም። ስለዚህ ዜሮ በመልሱ ውስጥ መኖር የለበትም፤ በእኛ መልስም የለም። ምልክቱን ሳይገለብጥ `[−1, 6]` ያገኘ ሰው ግን ዜሮን በመልሱ ውስጥ ስላገኘ ስህተቱን እዚሁ ይይዘዋል። ከውጪ ደግሞ 7ን እንሞክር፦ `11 − 3·9 = −16`፣ እሱም ከ`−10` ያንሳል፤ ይሠራል። ወሰኑን `6`ን ብንሞክር `11 − 3·7 = −10` ይመጣል፤ እኩል ስለሚፈቀድ ክቡ መሞላቱ ትክክል ነው። መተካት ያለበት በመጀመሪያው መስመር ላይ እንጂ በመካከል ባለው መስመር ላይ አይደለም፤ በመካከለኛው ከተተካ ከዚያ በፊት የተሠራው ስህተት ተደብቆ ያልፋል።

## ኔጋቲቩ በውስጥ ሲሆን

`|5 − 2x| < 9` ሲመጣ ሥራው እንዲህ ይሄዳል፦

```
−9 < 5 − 2x < 9
−14 < −2x < 4
7 > x > −2
```

በሦስቱም ክፍል ላይ 5 ተቀነሰ፤ ከዚያ ለ`−2` ሲካፈል ሁለቱም ምልክቶች ተገለበጡ። የመጨረሻውን መስመር ከቀኝ ወደ ግራ አንብቦ `−2 < x < 7` ብሎ መጻፍ ነው፤ ኢንተርቫሉ `(−2, 7)` ይሆናል። `(7, −2)` ብለው የሚሳሳቱት መስመሩን እንደወረደ የሚገለብጡ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ መገላበጥ ማምለጥም ይቻላል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው ርቀት ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ ካለው ጋር እኩል እንደሆነ ሁሉ፣ `|5 − 2x|` እና `|2x − 5|` አንድ ናቸው። መጀመሪያውኑ `|2x − 5| < 9` ብሎ ከጻፉት የሚገለበጥ ምልክት አይኖርም። `−9 < 2x − 5 < 9`፣ ከዚያ `−4 < 2x < 14`፣ ከዚያ `−2 < x < 7`። እኔ ይህንኛውን እመርጣለሁ።

## በቀኝ በኩል ዜሮ ወይም ኔጋቲቭ ሲቆም

ፍጹም ዋጋው ብቻውን ከቆመ በኋላ፣ መክፈል ከመጀመር በፊት፣ በቀኝ ያለውን ቁጥር ማየት ብዙ ድካም ያድናል። ርቀት ከዜሮ አያንስም፤ የሚከተለው ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ነው።

`|x + 1| < −4` ምንም መልስ የለውም፤ ከ`−4` የሚያንስ ርቀት የለም። መልሱ ባዶ ስብስብ `∅` ነው፣ በቁጥር መስመሩም ላይ ምንም አይደምቅም። `|x + 1| > −4` ደግሞ ሁልጊዜ እውነት ነው፤ መልሱ `(−∞, ∞)` ነው፣ መስመሩ በሙሉ ይደምቃል።

ዜሮ ላይ ትንሽ ቀስ ማለት ይገባል። `|x + 1| < 0` መልስ የለውም፤ `|x + 1| ≤ 0` ግን አንድ መልስ አለው፤ ርቀቱ ዜሮ የሚሆንበት `x = −1`፣ አንድ የተሞላ ነጥብ። `|x + 1| > 0` ደግሞ ከዚያች ነጥብ በስተቀር ሁሉንም ይቀበላል፦ `(−∞, −1) ∪ (−1, ∞)`። በመስመሩ ላይ ሲሣል ሁሉም ደምቆ በ`−1` ላይ ብቻ ባዶ ክብ ይቀራል።

## በቀኝ በኩል `x` ሲኖር

ጎበዝ ተማሪዎች እንኳ የሚደናገሩት እንዲህ ባለው ላይ ነው፦

```
|x − 3| < 2x
```

አሁን በቀኝ ያለው ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ አይታወቅም፤ `x` ይወስነዋል። አንዳንዱ `2x`ን ለብቻው ከዜሮ በታችና በላይ እያደረገ ረጅም መንገድ ይሄዳል። አያስፈልግም። «ያንሳል» የሚለው ቅርጽ የሚከፈልበት ደንብ በቀኝ ያለው ምንም ቢሆን ይሠራል፤ ቀኙ ኔጋቲቭ ከሆነ ደንቡ ራሱ የማይቻል ነገር ስለሚጠይቅ መልሱን በራሱ ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ እንደተለመደው እንከፍላለን። ልዩነቱ አሁን ሦስቱን ክፍል አንድ ላይ መፍታት አለመቻላችን ነው፤ `x` በሦስቱም ውስጥ ስላለ ለሁለት እንለያቸዋለን፦

```
x − 3 > −2x   እና   x − 3 < 2x
3x > 3        እና   −3 < x
x > 1         እና   x > −3
```

«እና» ስለሆነ ሁለቱንም የሚያሟላው ብቻ ነው የሚቆየው። ሁለቱን አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ መሣል ይረዳል፦

```
x > −3:  ---o=======================
x > 1:   -----------o===============
ሁለቱም:  -----------o===============
           −3       1
```

መልሱ `(1, ∞)` ነው። `−3` የት ገባ? የመጀመሪያው ጥብቅ ስለሆነ ሁለተኛውን ዋጠው። `−3` ወሰን መስሎ የሚታየው ለእኩልታው `|x − 3| = 2x` ነው፤ ነገር ግን `x = −3` ሲተካ በግራ 6፣ በቀኝ `−6` ይሰጣል። ርቀቱ ኔጋቲቭ ሆነ ማለት ነው፤ አይሆንም። መጀመሪያ እኩልታውን ፈትቶ ሁለቱን መልሶች እንደ ወሰን የሚወስድ ሰው `(−∞, −3)`ን ወይም `(−3, 1)`ን ወደ መልሱ ሊጨምር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። 2ን ይሞክሩ፦ 1 ከ4 ያንሳል፤ ይሠራል። ዜሮን ይሞክሩ፦ 3 ከ0 አያንስም፤ ይወድቃል። `−5`ን ይሞክሩ፦ 8 ከ`−10` አያንስም፤ እሱም ይወድቃል።

## ወደ ኋላ መመለስ

አንዳንዴ ጥያቄው ኢንተርቫሉን ሰጥቶ ያለእኩልነቱን ይጠይቃል። አንድ ነጋዴ «50 ኪሎ ተብሎ የሚሸጠው ከረጢት ከ49.6 እስከ 50.4 ኪሎ ቢመዝን እቀበላለሁ» ቢል፣ መካከሉን እና የአንዱን ጎን ርዝመት መፈለግ ብቻ ነው። የሁለቱ ወሰኖች አማካይ 50 ነው፤ ከአማካዩ እስከ ወሰኑ 0.4 ነው። ወሰኖቹ ተቀባይነት ስላላቸው እኩል ምልክቱ ይገባል፦

```
[49.6, 50.4]   ⟶   |x − 50| ≤ 0.4
```

የማይቀበላቸው ከረጢቶች ደግሞ `|x − 50| > 0.4` ናቸው፤ ምልክቱ ሲገለበጥ እኩሉም አብሮ ይወድቃል፣ የተሞሉት ክቦችም ባዶ ይሆናሉ። የከረጢት ክብደት ሁልጊዜ ከዜሮ ስለሚበልጥ የግራው ቁራጭ `(0, 49.6)` ነው፤ የቀኙ `(50.4, ∞)`።